ልጣጯ የጋለ ኳስ

የግምገማው አስተያየት ስብሰባው ስምንት ቀን ሲቀረው ተጽፎ አለቀ። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰባት ባለሙያዎች ከየከተማው ይመጣሉ፤ በየስማቸው ፊት የተቆራረጠ ሐብሐብ ይቀመጥላቸዋል፤ ከዚያ «ተወያይተን የደረስንበት» የሚለው ወረቀት ውይይቱ ሳይጀመር ታትሞ ይታደላቸዋል። የሚቀራቸው አንዳንድ ቃል ማሳመር ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ባለሙያ «ጥሩ» የሚለውን «እጅግ ጥሩ» ለማስባል አንድ ሰዓት ከሩብ ተናግሮ ለምሳ ደረሰ።

የዘንድሮው ወረቀት ሦስተኛ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በተደረገው ሙከራ የኳሷ የመሐል ሙቀት 880 ዲግሪ መሆኑ ተረጋግጧል።» ከሥሩ አራት ሳጥን አለ። ያዘጋጀው፣ ያመሳከረው፣ የገመገመው፣ ያጸደቀው። ሦስቱ ተፈርመዋል። ከእኔ በኋላ መፈረም ያለባቸው ሁለቱ ከእኔ በፊት ፈርመው ጨርሰዋል። «ያመሳከረው» የሚለው የእኔ ነው፤ ባዶ ነው። ሺ ሚን እባላለሁ፤ እዚህ ከቤጂንግ በስተሰሜን ተራራው ሥር ባለው ተቋም አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሌሎችን ቁጥር አመሳክሮ መፈረም ነው፤ ሲጠሩት ቀላል ይመስላል።

«ያዘጋጀው» በሚለው ሳጥን የፈረሙት መምህር ጌንግ ናቸው። የዶክትሬት ፈተናዬን የፈተኑኝ እሳቸው፣ እዚህ ያስቀጠሩኝ እሳቸው፣ ለባሌ ያስተዋወቁኝ ሚስታቸው። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ እሳቸው ግን እስከዚያ ሳምንት ድረስ እንደ ልጃቸው «ትንሿ ሺ» ነበር የሚሉኝ። በዚያ ስብሰባ ማግሥት ጡረታ ይወጣሉ። የሙከራው መሣሪያ የመጨረሻ ሥራቸው ነው፤ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሚስታቸው ለስብሰባው አዲስ ጃኬት ገዝተውላቸው ነበር፤ ይህንን የማውቀው ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ የኑክሌር ሪአክተር ነዳጁን የሚበላው በኳስ በኳስ ነው፤ የቢሊያርድ ኳስ የምታህል፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር የምትሰፋ የግራፋይት ኳስ። ዩራኒየሙ በውስጧ እንደ ፍሬ ተበትኗል። ሙቀቱ ከመሐል እስከ ዳር በሁሉም ቦታ ይወለዳል፤ መውጫው ግን ቆዳዋ ብቻ ነው። በቆዳዋ ላይ ሂሊየም ጋዝ እያለፈ ይወስድላታል። በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ከሚንከባለሉ ኳሶች መካከል አንዷን ይዘህ መሐሏ ላይ ሽቦ መሰካት አይቻልም። ስለዚህ መሐሏን የምናውቀው ከውጭ ተነሥተን ነው፤ ከጋዙ ወደ ቆዳው፣ ከቆዳው ወደ መሐሉ።

ሁለት እርምጃ ነው። አንዷ ኳስ 1,800 ዋት ታወጣለች እንበል፣ ጋዙ ደግሞ 700 ዲግሪ ነው። ጋዙ ከቆዳዋ ሙቀት በሚወስድበት አቅም ሲሰላ ቆዳዋ ከጋዙ በ160 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል፤ 860። ከዚያ ውስጥ የተወለደው ሙቀት በግራፋይቱ ውስጥ ተጋፍቶ እስኪወጣ መሐሏ ከቆዳዋ ሌላ 120 ይጨምራል፤ 980። ወሰናችን 1,000 ነው። ሃያ ዲግሪ ይቀራል ማለት ነው። በእኔ ስሌት።

ከሪአክተሩ ውጭ ዩራኒየም የሌላትን አንዲት ኳስ በኤሌክትሪክ አግሎ መሐሏን በሽቦ በሚለካው በመምህር ጌንግ መሣሪያ ግን መሐሏ 880 ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ዳይሬክተር ፓንግ ይህንን ቁጥር ባየ ቀን ከወንበሩ ተነሣ። ይህ ብዙ ጊዜ የማይሆን ነገር ነው። መሐሏ 880 ብቻ ከሆነች እያንዳንዷ ኳስ 2,400 ዋት ብታወጣ እንኳን ወሰኑን አትነካም፤ ይኸውም ያንኑ ሪአክተር በሲሶ ማሳደግ ነው፣ አንድ ጡብ ሳይጨመር። በእኔ ስሌት ግን በ2,400 ዋት መሐሏ 1,070 ትገባለች።

«ሺ ሚን፣ አሥር ዓመት ሙሉ አስፈራርተሽናል፣» አለኝ ፓንግ። «መቶ ዲግሪ የት ደበቅሻት?»

«አልደበቅኳትም። ፈልጌ አጣኋት።»

«እንግዲህ መምህርሽ አገኙልሽ። ፈርሚና እንረፍ።»

ሦስት ሳምንት ፈለግኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ግራፋይቱ ሙቀት የሚያሳልፍበትን አቅም አሳንሼ ገምቼ ይሆናል ብዬ ከዚያው ግራፋይት ቁራጭ አስለካሁ፤ ልክ ነበር። በጋዙ ጠባይ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ የቆዳዋን ሙቀት ጠየቅኩ፤ መሣሪያው ላይ 860፣ እኔም ጋ 860። እስከ ቆዳዋ ድረስ እኔና መሣሪያው እንደ እህትና ወንድም ተስማምተናል። ከቆዳዋ ወደ ውስጥ ስንገባ ነው የተጣላነው። እኔ 120 ስል እሱ 20 ይላል። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ስሌትሽ አጋነነ ለማለት «ሞዴልሽ ወፍራም ነው» ይለኝ ጀመር። ሞዴል መክሳትና መወፈሩን ከማን እንደተማሩ አላውቅም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ወደ መሣሪያው ቤት ወረድኩ። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሉ ሺፉ ነው፤ እጁ ለሠለጠነ ሠራተኛ ሁሉ «ሺፉ» እንላለን። ኳሶቹን የሚበሳቸው፣ የሚሰካቸው፣ የሚያጋግላቸው እሱ ነው። ስገባ ከበሩ ላይ የገዛውን የተጠበሰ ስኳር ድንች ይልጥ ነበር።

«ኢንጂነር ሺ! ከላይ ቤት የሰው ልጅ ወረደ እንዴ?» አለኝ። «ወረቀት ልታስፈርሚኝ ከሆነ ብዕር የለኝም።»

«መፈረም ያቃተኝስ እኔ። ሉ ሺፉ፣ እስቲ ኳሷን አንድ ጊዜ ከቀዝቃዛ አስነሣት።»

ኳሷ ሂሊየም በሞላው ጋን ውስጥ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን የመዳብ ጥምጥም ከብቧታል፤ ጥምጥሙ ውስጥ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ የሚገላበጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ምንም ሳይነካት ኳሷ ትግላለች። ነበልባል የለም፣ የሚነካት ምጣድ የለም። አንድ ቀጭን የመለኪያ ሽቦ መሐሏ ድረስ ገብቷል፤ ሌላው ቆዳዋ ላይ ተለጥፏል። ሉ ሺፉ ማብሪያውን ተጫነ።

«ተመልከቻት እንግዲህ፣» አለ በስኳር ድንቹ እየጠቆመ። «ይቺ ኳስ ሰነፍ ናት። ልጣጯ ሮጦ ይወጣል፤ መሐሏ ገና ፊቷን አልታጠበችም። አሥር ሰከንድ ሁሌም ወደ ኋላ ትቀራለች።»

«ሁሌም?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ምነው?»

ማሳያው ላይ የሁለቱን ሽቦዎች ቁጥር አየሁ። ሙቀት በኳሷ ሙሉ አካል የሚወለድ ከሆነ መሐሏ ከቆዳዋ ወደ ኋላ ልትቀር አትችልም። እኩል ይነሣሉ፤ ከዚያ ጋዙ ቆዳዋን ስለሚያቀዘቅዝ መሐሏ ትቀድማለች። እዚህ ግን ልጣጩ ቀድሞ መሐሉ ይከተለዋል። ሉ ሺፉ ድንቹን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ። ድንቹ የበሰለው ከውጭ በኩል ነው፤ ውስጡ እንደ ልጣጩ ያቃጥላል፣ ከልጣጩ ግን አይበልጥም። ምላሴን ተቃጥዬ ቆሜ ቀረሁ።

ወደ ኤሌክትሪክ ክፍል ደወልኩ። ጥምጥሙን የሠሩት እነሱ ናቸው። በመቶ ሺህ ግልብጦሽ ኤሌክትሪኩ ግራፋይት ውስጥ ስንት ይዘልቃል ብዬ ጠየቅኩ።

«አምስት ሚሊ ሜትር፣» አለኝ ስልኩን ያነሣው ሰው ሳያስብ።

«አምስት? ይህን ለማን ነግራችኋል?»

«ማን ጠየቀን?»

እውነቱን ነው። ጥምጥሙን የሚያውቁት ስለ ኳሷ አልተጠየቁም፤ ኳሷን የምናውቅ እኛ ስለ ጥምጥሙ አልጠየቅንም። መምህር ጌንግ «ምንም ሳይነካት ትግላለች፣ ስለዚህ ሙቀቱ ከራሷ ነው» ብለው አመኑ፤ እኛም አመንን። ሙቀቱ ከራሷ መሆኑስ እውነት ነው። ከልጣጯ ብቻ ነው እንጂ። ግልብጦሹን ዝቅ ብናደርገውም ኤሌክትሪኩ ጥልቅ ይገባ ይሆናል እንጂ እምብርቷ ላይ ምንጊዜም ምንም የለም፤ ጥምጥም የሚያጋግለው ዙሪያን ነው።

ይህ ግን የእኔ ሐሳብ ነው፤ የእሳቸው ደግሞ የተለካ ቁጥር ነው። በእኛ ቤት ሐሳብ ከተለካ ቁጥር ጋር ተከራክሮ አያውቅም። ሌላ ቁጥር ያስፈልገኝ ነበር።

«ሉ ሺፉ፣ አንድ ሁለተኛ ቀዳዳ ብሳልኝ። ከመሐል አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ላይ፣ በእኩሌታው።»

«እበሳለሁ። የመሣሪያው ባለቤት ይፈርሙና።»

የመሣሪያው ባለቤት መምህር ጌንግ ናቸው። ቅጹን ሞልቼ ክፍላቸው ስገባ መጻሕፍታቸውን በካርቶን እያሸጉ ነበር። ቅጹን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። አራት መስመር ብቻ ነበረ።

«አሥራ አምስት ለምን?» አሉኝ።

«እንዲሁ... ለማመሳከር ነው፣ መምህር።»

«እንዲሁ ብሎ ኳስ የሚበሳ ተማሪ አላስመረቅኩም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሙቀቱ ከመላ አካሏ ከሆነ እዚህ ነጥብ ላይ ስንት ትጠብቂያለሽ?»

«ከመሐሉ በሠላሳ ያነሰ። የመሐሉና የቆዳው ልዩነት ሩብ።»

«እኩል ከመጣስ?»

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። እሳቸው ግን ነገሩ ሁሉ እንደ ገባቸው ዓይናቸው ላይ አየሁት፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ። ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙና ቅጹን መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሉ ሺፉ አስነሣት። ሙቀቷ እስኪረጋ ጠበቅን። መሐሏ 880። እኩሌታው ላይ 879።

ሉ ሺፉ ማሳያውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። «ተበላሽቶ ይሆን?»

«አልተበላሸም። ደህና ነው።»

«ታዲያ ምነው ቀብር የወጣሽ መሰልሽ?»

ውጤቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ፓንግ ጋ ነው። ይህ ስህተቴ ነበር፤ መጀመሪያ መምህሬ ጋ መሄድ ነበረብኝ፣ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ፓንግ ወረቀቱን አየ፣ በሩን ዘጋ፣ ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ቀዳልኝ። ፓንግ ውሃ ሲቀዳልህ መጠንቀቅ ነው።

«ነገ ሰባት ባለሙያዎች ይመጣሉ፣» አለኝ። «ሁለቱ አሁን ባቡር ላይ ናቸው። ሐብሐቡ ተገዝቷል። መምህርሽ ነገ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አራት ዓመት ሙሉ ልጣጭ ሲያጋግሉ ነበር ልትያቸው ነው?»

«ማለትስ አልፈልግም።»

«አትበያ! ፈርሚ። እሳቸው በክብር ይሸኙ፤ ከርሞ ቀስ ብለሽ ታርሚዋለሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ይደር እንግዲህ!»

«እስኪያድር ኳሶቹን 2,400 ዋት ታስገቧቸዋላችሁ።»

«እሱማ ወረቀቱ ላይ አለ፣» አለ ፓንግ። «ካልፈረምሽ ግን የዘንድሮው ዋና ኢንጂነርነትሽም እያደር ይጠራል።»

ውሃውን ሳልጠጣው ወጣሁ። ስለ ማዕረጉ ማሰቤ አልቀረም፤ ሁለት ጊዜ ታልፌያለሁ። የበለጠ የከበደኝ ግን የጃኬቱ ነገር ነው። ሰማያዊ ነበር።

ጠዋት ስብሰባው ሳይጀመር መምህር ጌንግን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ጃኬቱን ለብሰዋል፤ ጸጉራቸው በውሃ ተበጥሯል። ሁለቱን ቁጥሮች የጻፍኩባትን ብጣሽ ወረቀት ሰጠኋቸው። አነበቧት፣ አጥፈው የደረት ኪሳቸው ከተቷት።

«ሦስት ሰዓት ሆነ፣» አሉ። «እንግባ።»

ፈርሚም አላሉ፣ አትፈርሚም አላሉ።

ሰብሳቢው ከሌላ ከተማ የመጡ ሽማግሌ ባለሙያ ነበሩ። አስተያየቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ስድስቱ ባለሙያዎች ሐብሐብ እየበሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «የተሟላ» የሚለው «በሚገባ የተሟላ» ቢባል ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ ሰብሳቢው ገጹን ገልብጠው ፊርማዎቹን አዩ።

«አንድ ሳጥን ባዶ ነው። ተረስቶ ነው?»

«ተረስቶ ነው፣» አለ ፓንግ፤ ብዕሩን ወደ እኔ እያንሸራተተ።

ብዕሩ ፊቴ መጥቶ ቆመ። አነሣሁትና አስቀመጥኩት። «አልተረሳም፣» አልኩ። «መፈረም አልችልም። 880 የተባለው ቁጥር የነዳጅ ኳስ መሐል አይደለም።»

ባለ «በሚገባ»ው ባለሙያ ሐብሐቡን ከአፋቸው መለሱ። ሰብሳቢው ወደ መምህር ጌንግ ዞሩ። «መሣሪያው የእርስዎ ነው። ምን ይላሉ?»

መምህር ጌንግ ተነሡ። ሰብሳቢውን አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ዶክትሬቴን ስከላከል የቆሙበት ነው።

«እኩሌታው ላይ ስንት ለካሽ?» አሉኝ።

«879።»

«መሐሉ ላይ?»

«880።»

«አንድ ዲግሪ የሽቦው ስህተት ነው። እኩል ናቸው። ሁለት ነጥቦች እኩል ከሆኑ በመሐላቸው ምን ያልፋል?»

«ምንም። ሙቀት አያልፍም።»

«እዚያ ውስጥ ሙቀት ቢወለድ ኖሮ?»

«መውጣት ነበረበት። ለመውጣት ደግሞ መሐሉ መብለጥ ነበረበት።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ እዚያ ውስጥ አልተወለደም፣ መምህር። ሙቀቱ የተወለደው ከቆዳዋ አምስት ሚሊ ሜትር ውስጥ ብቻ ነው።»

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ለካሁ?»

ይህንን ጥያቄ እንድመልስ ለምን እንዳስገደዱኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንዳይፈስ ጣራውን አየሁ።

«ልጣጩን፣» አልኩ።

«ትክክል፣» አሉ፤ ልክ በዶክትሬት ፈተናዬ ቀን እንዳሉት፣ ከዚያ አስበልጠውም አሳንሰውም አይደለም። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «ባለሙያዎቹ ቃል ማሳመር ይችላሉ ተብሏል። እኔም አንዲት ማሻሻያ አለኝ። ሦስተኛ አንቀጽ ላይ 'የኳሷ' ከሚለው በፊት 'ልጣጯ የጋለ' የሚል ይግባ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ይሆናል።»

ሰብሳቢው እንደገና አነበቡት፦ «በተደረገው ሙከራ ልጣጯ የጋለ የኳሷ የመሐል ሙቀት 880 ዲግሪ መሆኑ ተረጋግጧል።» ብዕራቸውን ቃሉ ላይ አሳረፉ።

«ሰዋስዉ ትንሽ...»

«ሰዋስዉ ይቅር፣» አሉ መምህር ጌንግ።

ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ ወዲያ 2,400 ዋት የሚለው አራተኛ አንቀጽ የሚቆምበት እግር ስላልነበረው በዚያው ተሰረዘ። ፓንግ ሁለት ኩባያ ውሃ ጠጣ፤ ራሱ ቀድቶ። እኔ ሳጥኔ ውስጥ ፈረምኩ፤ አሁን የሚፈረም ነገር ነበራ። ስብሰባው ለምሳ አርባ ደቂቃ ሲቀረው አለቀ፤ እንዲህ ፈጥኖ ያለቀ ግምገማ እዚህ ቤት አይታወቅም።

የስንብቱ ምሳ እንደ ታቀደው ተበላ። ንግግር ተደረገ፤ ንግግሩም አስቀድሞ የተጻፈ ስለነበረ «ታላቁን መሣሪያቸውን» የሚለው ሳይሰረዝ ተነበበ። መምህር ጌንግ አጨበጨቡ። ሚስታቸው ጃኬቱ እንደሚያምርባቸው ነገሩኝ፤ አዎ አልኩ። በሰሊጥ የተሞላው ትኩስ የሩዝ ድፍልፍል ሲመጣ ሁሉም እየነፋ በላ፤ መሐሉ እንደሚፋጅ ሁሉም ያውቃል።

ስንለያይ በሩ ላይ ካርቶናቸውን ተቀበልኳቸው። ከባድ ነበር። ታክሲው ድረስ ተሸከምኩላቸው። ካርቶኑን ወንበሩ ላይ ሳስቀምጥ የደረት ኪሳቸውን ነካ አድርገው ብጣሿ ወረቀት መኖሯን አረጋገጡ።

«አዲሱን መሣሪያ አንቺ ትሠሪዋለሽ፣» አሉኝ። «ጥምጥም አታስገቢበት።»

«እሺ፣ መምህር። ቅር ብሎዎት እንደሆነ...»

«ደህና ዋይ፣ ኢንጂነር ሺ።»

ታክሲው ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስደውልላቸው፣ ለአዲስ ዓመት ቤታቸው ስሄድ፣ በሚስታቸው ፊት ሁሉ «ኢንጂነር ሺ» ነው የሚሉኝ። ለሥራ ባልደረባ የሚገባ አክብሮት ነው፤ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ዋና ኢንጂነርነቱንም በተከታዩ ዓመት አገኘሁት። ለአዲሱ መሣሪያ ኳስ ውስጥ ከመሐል እስከ ዳር የተበተነ ማሞቂያ ሠራን፤ የመጀመሪያው ቀን መሐሏ 978 ላይ ረጋች። ሉ ሺፉ እጄን ጨበጠኝ።

ቁጥሩን ልነግራቸው ደወልኩ። «ጥሩ ነው፣ ኢንጂነር ሺ» አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁ። መቶ ዲግሪዋን አገኘኋት፤ ትንሿ ሺ ግን በዚያው ቀረች።